የኩላሊቱ ምዕራፍ በ38 ካርድ

ቤታችን ኮምቦልቻ ነው፣ የምማረው ደሴ። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ጠዋት ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ዳገት እወጣለሁ፣ ማታ በዚያው እወርዳለሁ። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው። መጽሐፍ ገልጬ ላንብብ ካልኩ ሁለት ገጽ ሳልጨርስ ያጥወለውለኛል። ካርድ ግን ይቻላል። አንድ ጥያቄ አያለሁ፣ ቀና እላለሁ፣ ጉሙን እያየሁ መልሱን አስባለሁ፣ ከዚያ ገልብጬ አረጋግጣለሁ። ፍላሽ ካርድ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት እንጂ ጎበዝ ተማሪ ስለሆንኩ አይደለም።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ውሃ በላው። ከአናቶሚና ፊዚዮሎጂ መጽሐፋችን የኩላሊት ምዕራፍ ነበር፣ 22 ገጽ። በሁለት ሌሊት 96 ካርድ ጻፍኩ። እጄ አበጠ ማለት ይቻላል። በሳምንቱ ኩዊዝ ተፈተንን፤ ከ20 ዘጠኝ አመጣሁ። ካርድ ያልሠራችው ጓደኛዬ 12 አመጣች። ያን ቀን ማታ ሐረጎን ስወርድ ካርዶቹን በመስኮት መበተን ነበር ያማረኝ።

ችግሩ ምን እንደነበር ያሳየኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበር። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ተቀምጠን "እስቲ ጠይቀኝ" አልኩት። የመጀመሪያውን ካርድ አነሳና አነበበ፦ "ስለ ግሎሜሩለስ አብራሪ።" እኔ ስለዚህ የኩላሊት ማጣሪያ አንድ ደቂቃ ያህል አወራሁ። እሱ ካርዱን ገለበጠ። ስምንት መስመር ጽሑፍ ነው። ካርዱን አየ፣ እኔን አየ።

"ልክ ነኝ?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቄ። የተወሰነውን ብለሻል፣ የተወሰነውን አላልሽም።"

"እና ልክ ነው በል ስህተት?"

"ነርሷ አንቺ፣ እኔን ትጠይቂያለሽ እንዴ!"

ሳቅን። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እሱ መፍረድ ካልቻለ እኔስ ብቻዬን ስቀመጥ እንዴት ነው የምፈርደው? እውነቱን ለመናገር አልፈርድም ነበር። ካርዱን እገለብጣለሁ፣ ጽሑፉን ሳየው "አዎ፣ ይሄን አውቀዋለሁ" እላለሁ፣ "የማውቀው" ክምር ላይ እጥለዋለሁ። ማወቄ ግን ያየሁትን መልክ ማስታወስ ነው እንጂ ከባዶ ማምጣት አይደለም። አንዱ ካርድ ላይ ቡና ፈስሶበት ነበር። እድፉን ገና ሳየው፣ ጥያቄውን ሳላነብ መልሱን እላለሁ። የተማርኩት እድፉን ነው።

ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። ትምህርቱን ፈጽሞ የማያውቅ የሰባተኛ ክፍል ልጅ የእኔን መልስ ሰምቶ፣ የካርዱን ጀርባ አይቶ፣ "ልክ" ወይም "ስህተት" ማለት ካልቻለ ካርዱ አይሆንም። ያንን ሕግ ይዤ ምዕራፉን እንደገና ጀመርኩ።

በሁለተኛው ዙር ቶሎ እስክሪብቶ አላነሳሁም። ምዕራፉን መጀመሪያ ዝም ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ያልገባኝን ነገር ካርድ ላይ መጻፍ ድንጋይ እንደ መቀቀል ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ያደረግኩት እሱን ነበር። በሁለተኛው ንባብ አንድ አንቀጽ አነብና መጽሐፉን እዘጋለሁ። "ከዚህ ውስጥ አስተማሪው ምን ሊጠይቅ ይችላል?" እላለሁ። መልስ ካገኘሁ ዳር ላይ በእርሳስ "ጥ" እጽፋለሁ። ካላገኘሁ አልፋለሁ። ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ያሉትን የክለሳ ጥያቄዎችም ቀድሜ አየኋቸው፤ ደራሲው ራሱ የቱን እንደሚያከብድ እዚያ ይታያል። ብዙ አንቀጽ ምንም "ጥ" ሳይወጣለት ቀረ። መግቢያው፣ ከሥዕል ሥር ያሉት ጽሑፎች፣ ሁለቴ የተደገሙት ነገሮች፣ ከዚህ በፊት የማውቃቸው፣ ሁሉም ተጣሉ። መጣሉ ከመጻፉ ይከብዳል። "ይሄ ቢመጣስ?" የሚል ፍርሃት አለ። ሰው 96 ካርድ የሚጽፈውም በዚያ ፍርሃት ነው።

አሁን አንዱን አንቀጽ ላሳያችሁ። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። ደም ወደ ግሎሜሩለስ በሰፊ ቧንቧ ይገባል፣ በጠበበ ቧንቧ ይወጣል። ስለዚህ ውስጡ ግፊት ይፈጠራል። ግፊቱ ውሃንና ትንንሽ የሟሙ ነገሮችን ገፍቶ ያሳልፋል። ቀይ የደም ሴሎችና ትልልቅ ፕሮቲኖች ግን በደም ውስጥ ይቀራሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ። ከዚህ 99 በመቶው ወደ ደም ይመለሳል።

ድሮ ይህን ሁሉ አንድ ካርድ ላይ አድርጌ ፊቱ ላይ "ፊልትሬሽን ምንድን ነው?" ብዬ ነበር። አዲሱን ስሠራ መጀመሪያ የጻፍኩት ጥያቄ "መግቢያው ቧንቧ ይሰፋል ወይስ መውጫው?" የሚል ነበር። ወንድሜ መፍረድ ይችላል፣ ሕጉን ያሟላል። ግን ሳላውቅም በግምት ግማሹን ጊዜ አገኘዋለሁ። "አዎ ወይም አይ" እና "ይሄ ወይስ ያ" የሚሉ ጥያቄዎች እንደዚህ ያታልላሉ። ስለዚህ ገለበጥኩት፦

ጥያቄ፦ በግሎሜሩለስ ውስጥ የደም ግፊቱ ካፒላሪ ከሚባሉት ሌሎች ቀጫጭን የደም ሥሮች ከፍ የሚለው ለምንድን ነው?
መልስ፦ መውጫው ቧንቧ ከመግቢያው ስለሚጠብ።

አሁን መገመት አይቻልም፤ ምክንያቱን ማወቅ ግድ ነው። መልሱም አንድ መስመር ነው፣ ወንድሜ ይፈርደዋል።

ከዚሁ አንቀጽና ከሚቀጥለው ደግሞ በጣም የጠቀሙኝ ሁለት ካርዶች ወጡ፦

ጥያቄ፦ በጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ ፕሮቲን የማይገኘው ለምንድን ነው?
መልስ፦ ትልልቅ ፕሮቲኖች ማጣሪያውን ስለማያልፉ።

ጥያቄ፦ በጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ ግሉኮስ የማይገኘው ለምንድን ነው?
መልስ፦ ማጣሪያውን ያልፋል፤ ግን ፕሮክሲማል ቲዩቡል በሚባለው የመጀመሪያ ቱቦ ላይ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል።

አያችሁት? ውጤቱ አንድ ነው፣ ሁለቱም ሽንት ውስጥ የሉም። ምክንያቱ ግን ለየቅል ነው። አንዱ በሩን አላለፈም፣ ሌላው አልፎ ከመንገድ ተመልሷል። በኩዊዙ የሳትኩት ይህንኑ ነበር፤ ግሉኮስም "አያልፍም" ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉ ላይ ሁለቱ በተለያየ ገጽ ስለነበሩ ጎን ለጎን አይቻቸው አላውቅም። ካርዶቹን ስጽፍ ጥያቄዎቹን ሆን ብዬ በአንድ ዓይነት አነጋገር ጻፍኳቸው፣ በአንድ ቃል ብቻ እንዲለያዩ። በአነጋገር ቢለያዩ በመጀመሪያዎቹ ቃላት መልሱን መለየት እጀምራለሁ፣ እንደ ቡናው እድፍ ማለት ነው።

ሌላው የ180 ጉዳይ ነው። ይሄ በደንብ አስቸግሮኛል። በቀን የሚጣራው 180 ሊትር ነው። ከዚያ ደግሞ ስለ ስኳር በሽታ የሚናገረው ክፍል ላይ፣ ግሉኮስ ሽንት ውስጥ መታየት የሚጀምረው በደም ውስጥ ያለው መጠን 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ሲያልፍ ነው ይላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ቲዩቡሉ መልሶ መውሰድ ያቅተዋል። ሁለቱም 180! ሁለት ካርድ ሠራሁ። ሁለቱንም "180" እያልኩ ልክ እየተባልኩ ሳምንት አለፈ። ቁጥሩ የምን እንደሆነ ግን ጠፍቶብኝ ነበር። ወንድሜ "180" ስለው "180 ምን?" አለኝ። ዝም። እውነት ለመናገር ጥሩ ዳኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጥር ያለበት ካርድ ላይ መለኪያውን ካልተናገርኩ ስህተት ነው የሚል ደንብ ገባ። ለሊትሩ ደግሞ ሥዕል አደረግኩለት። እኛ ቤት ውሃ ሲጠፋ የምንቀዳበት ጀሪካን 20 ሊትር ነው። 180 ሊትር ማለት 9 ጀሪካን ነው። ዘጠኝ ጀሪካን ተጣርቶ ከአንዱም ትንሹ፣ አንድ ሁለት ሊትር ብቻ፣ ሽንት ሆኖ ይወጣል። የካርዱ ጀርባ ላይ 9 ትንንሽ ጀሪካን ሣልኩ። እንግዲህ እሱ ከሌላው 180 ጋር ተቀላቅሎ አያውቅም።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም በእንግሊዝኛ ገለበጥኩ። መገልበጥ ደግሞ ሳይገባም ይቻላል። በሁለተኛው ጊዜ ስሞቹን እንደ መጽሐፉ ትቼ ምክንያቱን በአማርኛ ጻፍኩ። ለምሳሌ ሪአብዞርፕሽን እና ሲክሪሽን። በእንግሊዝኛ ትርጉማቸውን በቃሌ እል ነበር፣ ፈተና ላይ ግን እያጋጩ ያስቸግሩኛል። በአማርኛ ለመጻፍ ስሞክር ልዩነቱ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ታየኝ። አንዱ ከቱቦው ወደ ደም፣ ሌላው ከደም ወደ ቱቦው። ካርዱ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። በአማርኛ ስጽፍ ብዕሬ የቆመበት ቦታ ሁሉ ያልገባኝ ቦታ ነበር፤ ተመልሼ አንብቤዋለሁ።

ዝርዝርና ሰንሰለት የሆኑ ነገሮች ላይ ደግሞ ብዙ ታገልኩ። ኩላሊት የሚለቀው ሬኒን የደም ግፊትን እንዴት እንደሚያስተካክል የሚናገረውን ክፍል የተማረ ያውቀዋል። በመጀመሪያ "የሬኒንን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ጥቀሺ" የሚል አንድ ካርድ ነበረኝ። ሁልጊዜ ሁለት ይቀርብኛል። ዛሬ ይሄኛው፣ ነገ ያኛው። ካርዱ ሁሌ "ስህተት" ክምር ውስጥ ነው፣ የማውቀውንም እየደጋገምኩ እደክማለሁ፣ የማላውቀው ግን የቱ እንደሆነ አይለይም። ሰንሰለቱን በየቀለበቱ ቆርጬ አምስት ካርድ አደረግኩት። ኩላሊት ሬኒን የሚለቀው ምን ሲሆን ነው? የደም ግፊት ሲቀንስ። ሬኒን ምኑን ወደ ምን ይለውጣል? አንጂዮቴንሲኖጅንን ወደ አንጂዮቴንሲን 1። አንጂዮቴንሲን 1 በዋናነት የት ሲደርስ ነው ወደ 2 የሚለወጠው? ሳንባ። አንጂዮቴንሲን 2 ሁለት ዋና ሥራው ምንና ምን ነው? የደም ሥርን ማጥበብና ከአድሬናል ዕጢ አልዶስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን ማስለቀቅ። አልዶስቴሮን ቱቦው ላይ ምን ያስመልሳል? ሶዲየም፤ ውሃውም ይከተለዋል።

በሦስተኛው ቀን አራቱ አለፉ። ሳንባው ብቻ ቀረ። ለካስ የሚያደናቅፈኝ እሱ ብቻ ኖሯል፤ የኩላሊት ምዕራፍ ውስጥ ሳንባ ምን ይሠራል ብዬ አእምሮዬ አልቀበልም ብሎ ነው። ተመልሼ አነበብኩ። ለውጡን የሚያካሂደው ኢንዛይም በሳንባ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ በብዛት ስላለ ነው። ይህን በአንድ መስመር ካርዱ ጀርባ ላይ ጨመርኩና አለቀ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ የወንድሜን ፍርድ የሚያወድስ ነው። እሱ የማይችለው ነገርም አለ፣ ዋጋም አስከፍሎኛል። ኤዲኤች ስለሚባለው ሆርሞን የጻፍኩት ካርድ ጀርባው ላይ "ሲጨምር ሽንት ይበዛል" ይላል። ስህተት ነው። ግልባጩ ነው እውነቱ፤ ሲጨምር ውሃ ከመጨረሻው ቱቦ ወደ ደም ይመለሳል፣ ሽንት ያንሳል፣ ይወፍራል። ስሙ ራሱ፣ አንቲዳይዩሬቲክ ሆርሞን፣ ሽንት የሚያበዛ ነገር ተቃራኒ ማለት ነው። እኔ ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ እንቅልፌን እየታገልኩ ጽፌዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወንድሜ "ልክ!" እያለ አሳለፈኝ። ምን ያድርግ፣ ካርዱ ያለውን ነው ያየው።

አንድ ቀን አስተማሪያችን "ውሃ ሳትጠጡ ስትውሉ ሽንታችሁ ለምን ያንሳል?" ብሎ ጠየቀ። እጄን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ አውጥቼ "ኤዲኤች ስለሚቀንስ" አልኩ። እሱ ሳቅ ብሎ ሌላ ሰው ጠየቀ። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ትክክለኛውን ካወቅሁ በኋላም ለብዙ ቀን ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው ስህተቱ ነበር። በደንብ የተጠና ስህተት ቶሎ አይለቅም። ካርዱ ላይ ሰርዤ ልጽፍ አሰብኩና ተውኩት፤ የተሰረዘውም ይነበባል። ቀድጄ ጣልኩትና "ኤዲኤች ሲጨምር ሽንት ምን ይሆናል፣ ለምን?" ብዬ ከነምክንያቱ አዲስ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አልዘልም። እያንዳንዱ ካርድ ጥግ ላይ የገጹን ቁጥር እጽፋለሁ። ካርዶቹን በጻፍኩ ማግስት፣ ገና ማጥናት ሳልጀምር፣ በቀን ብርሃን አንድ በአንድ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክራለሁ። በሁለተኛው ዙር ለወጡት 38 ካርዶች ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። አንድ ሌላ ስህተትም አገኘሁበት፣ ትንሽ የፊደል ግድፈት ነበረች።

ስለ ወረቀቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አንድ ኤ4 ሦስቴ ሲታጠፍ 8 ካርድ ይወጣዋል፣ አምስት ወረቀት 40 ካርድ ነው። ወፈር ያለ ወረቀት ግዙ። በመጀመሪያ የደብተር ወረቀት ነበር የተጠቀምኩት፤ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት ብርሃን ሲያዝ የጀርባው መልስ ወደ ፊት ያሳያል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አንድ ቀን "ልጄ፣ መልሱ እኮ ከዚህ ይታያል" ብለውኛል።

አደጋገሙ ደግሞ ሦስት ክምር ነው፣ እያንዳንዱ በላስቲክ የታሰረ። የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ይታያል። የተመለሰ ካርድ አንድ ክምር ወደፊት ይሄዳል። የተሳተ ካርድ ግን ከየትም ይምጣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የዘዴው ባለቤት ሰባስቲያን ላይትነር የሚባል ጸሐፊ ነው፣ በፈረንጆች 1972 ነው ያስተዋወቀው። እሱ በሳጥን ነበር፣ እኔ በላስቲክ። ካርዶቹን ከመደባለቅህ በፊት አትጀምር ቢባል ደስ ይለኛል፤ በቅደም ተከተል ካነበብኳቸው አንዱ ካርድ ለሚቀጥለው መልስ ይጠቁማል።

ካርድ የማይሠራውን ነገርም ልንገራችሁ። ቁርጥራጩን ያስይዛል እንጂ አካሉን አይሰፋም። የኩላሊትን ትንሿን የማጣሪያ ክፍል፣ ኔፍሮንን፣ ሣሉና የእያንዳንዱን ክፍል ሥራ ጻፉ የሚል ጥያቄ ሲመጣ 38ቱንም በቃሌ እያወቅሁ መጀመሪያ ላይ እጄ ቆሞ ነበር። ለዚህ ባዶ ወረቀት ነው መድኃኒቱ። ቅዳሜ ካርዶቹን ከጨረስኩ በኋላ ኔፍሮኑን ከባዶ እሥላለሁ፣ አንዲት የውሃ ጠብታ ከደም ተነስታ ሽንት እስክትሆን መንገዷን በቃሌ ለእናቴ እተርክላታለሁ። እናቴ ቡናዋን እየቆላች "አብሽሪ፣ ቀጥይ" ትለኛለች። የቆምኩበት ቦታ የትኛው ካርድ እንደጎደለ ያሳየኛል።

በፋይናሉ የኩላሊት ጥያቄዎች ውስጥ አንዷ ብቻ ከካርዶቼ ውጭ መጣች። የቀኝ ኩላሊት ከግራው ዝቅ የሚለው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ገጽ ላይ አይቼያታለሁ። "ይቺን ማንም ያውቃታል" ብዬ ነበር "ጥ" ያልጻፍኩባት። ፈተናው ላይ ተቀምጬ ግራ ነው ቀኝ ዝቅ የሚለው እያልኩ በእጄ ጎኔን እየዳሰስኩ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ከተረፉት ሁለት ባዶ ካርዶች በአንዱ ላይ ጻፍኳት። መልሱ ጉበት ነው፤ ከላይ ሆኖ ቦታውን ይይዝበታል። 39ኛ ካርድ ሆነች። አርባኛው እስካሁን ባዶ ነው።